ስድስተኛ ቀን ላይ የቀላ ስፌት

«እናቴ ሆዷ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ፎቶውን አያይዣለሁ። የስፌቱ ዙሪያ ቀልቷል፣ ፋሻው ላይም ቢጫ ነገር አለ። እየዳነ ነው ወይስ አመርቅዟል?»

እህቴ፣ እናትሽን ይማርልሽ። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ቁስል በማጠብና ፋሻ በመቀየር ብዙ ዓመት የቆየሁ ነርስ ነኝ። ፎቶሽን ደጋግሜ አየሁት። በዚህ ፎቶ ብቻ «ደህና ነው» ብልሽም «አመርቅዟል» ብልሽም ሁለቱም ግምት ነው የሚሆነው። አንድ ፎቶ ቁስሉ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አያሳይም፤ ሁለት ፎቶ ግን ያሳያል። ስለዚህ ምን ከምን ጋር እንደምታስተያዪ ልንገርሽ።

የተሰፋ ቁስል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይቀላል፣ ትንሽም ያብጣል። ሰውነት የተቆረጠውን ቦታ ሲጠግን ደም ወደዚያ ስለሚጎርፍ ነው። ይህ መቅላት ስፌቱን ተከትሎ እንደ ቀጭን ጥብጣብ ይሄዳል፣ በሁለቱም ወገን እኩል ነው፣ ከአራተኛው ቀን ወዲህም እየደበዘዘ መሄድ አለበት። ማመርቀዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ልክ ያኛው መደብዘዝ ሲገባው ነው፤ ከአራተኛው ቀን በኋላ፣ አንዳንዴም ቤት ከገቡ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ። ስለዚህ ሁለተኛ ቀን ላይ የማያስጨንቀኝ ቅላት ስድስተኛ ቀን ላይ ያስጨንቀኛል፣ በተለይ ትናንት ያልነበረ ከሆነ። የእናትሽ ስፌት ሦስተኛ ቀን ላይ ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሺያለሽ? ከምንም በላይ ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ።

አንድ ሰው ልንገርሽ። የቡአ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ወደ ቤቱ የሄደ ጠይም ጎልማሳ ነው። በሦስተኛው ቀን ፎቶ ላከልኝ። ስፌቱ ዳር ዳሩ ትንሽ አብጧል፣ ጎዙ ላይ ሮዝ መሰል ውሃ ነክቶታል። እንዳይጨነቅ ነገርኩት፤ አምስተኛው ቀን ላይ እብጠቱ ቀነሰ፣ ሕመሙም ጠፋ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሌላ ፎቶ መጣ። ቅላት የሚባል ነገር አይታይበትም። ግን የስፌቱ የታችኛው ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ ያብረቀርቃል፣ ከላይኛው ጫፍ ይልቅ ወይን ጠጅ ወደሚመስል ጥቁረት አድልቷል። ሁለቱ የታችኛዎቹ ክሮች ደግሞ ጠባብ ቀለበት ያበጠ ጣት ላይ እንደሚሰምጠው ቆዳው ውስጥ ሰምጠዋል። ክሩ አልጠበቀም፤ ከሥሩ ያለው ነገር ነው ያበጠው። ሌሊት ይጠዘጥዝህ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቀው እንቅልፍ እንደነሳው ነገረኝ።

የጠቆረውን ዳርቻ ተከትሎ በእስክሪብቶ መስመር እንዲያሰምር፣ ከጎኑም ሰዓቱን እንዲጽፍ ነገርኩት። ማታ በላከው ፎቶ እብጠቱ መስመሩን በሁለት ጣት ያህል አልፎ ነበር። ወዲያው እንዲመጣ አደረግኩ። ሐኪሙ ሁለቱን ክሮች ሲፈታቸው ወፍራም መግል ወጣ። ውስጡ ታጠበ፣ ክፍት ሆኖ በጎዝ ተሞላ፣ በየቀኑ እየተቀየረ በሦስት ሳምንት ገደማ ከሥር ወደ ላይ ሞልቶ ጠገገ። በፎቶው ላይ አንዲት ጠብታ መግል እንኳ እንዳልነበረ ልብ በይልኝ። መግሉ ከቆዳው ሥር ተቋጥሮ ነበር። እንዲህ የተቋጠረ መግል ተከፍቶ ካልወጣ በአንቲባዮቲክ ብቻ አይድንም፤ ቤት ውስጥ መጭመቅ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ በጭራሽ እንዳታደርጊው።

ከእሱ በኋላ የጠይምና የጥቁር ቆዳ ፎቶ ሲመጣልኝ ቅላት መፈለግ አቁሜያለሁ። የማየው የቆዳውን መወጠርና ማብረቅረቅ፣ ከጎኑ ካለው ጤነኛ ቆዳ የጠቆረበትን ቦታ፣ የአንዱ ጫፍ ከሌላው መለየትን ነው።

ፋሻው ላይ ስላየሽው ቢጫ ነገር፦ ስስ፣ በብርሃን ሲያዩት ውሃ የሚመስል፣ ሲደርቅ ማር የመሰለ ቅርፊት የሚሠራ ፈሳሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከደህና ቁስልም ይወጣል፤ በየቀኑ ግን መቀነስ አለበት። መግል ወፍራም ነው፣ ድፍርስ ነው፣ ወደ ነጭ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ያደላል፣ ብዙ ጊዜም ይሸታል። ፋሻውን ስትቀይሪ የድሮውን ፋሻ ለብቻው ፎቶ አንሺው፤ ስለ ፈሳሹ ከቁስሉ ፎቶ የበለጠ ይናገራል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ አዮዲን የነካው ፋሻም ቆዳም ቢጫና ቡናማ ይሆናል። በዚህ የተነሳ መግል መስሏቸው ደንግጠው የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሌላው የሚያሳስተው ፕላስተር ነው። የቀላው ቦታ ቅርጽ ልክ እንደ ፕላስተሩ አራት ማዕዘን ከሆነ፣ ከሕመም ይልቅ የሚያሳክክ ከሆነ፣ ስፌቱ ራሱ ደግሞ ንጹሕ ከሆነ፣ ቆዳው የተቆጣው ለማጣበቂያው ነው። የኢንፌክሽን ቅላት ቀጥ ያለ ጠርዝ የለውም።

ያንቺ ፎቶ በቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለ መብራት ሁሉን ነገር ያቀላል። ፍላሽ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ እውነተኛውን ቅላት ያነጣዋል። በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ያለ ፊልተር፣ ሁልጊዜ ከአንድ ርቀት አንሺ። መጠኑ እንዲታወቅ ከጎኑ ማስመሪያ አኑሪ፣ ቁስሉን እንዳይነካ ግን ተጠንቀቂ። ከቁስሉ ዙሪያ ጤነኛ ቆዳም በደንብ ይግባ፤ የቀላው የት እንደሚያልቅ ካልታየኝ ምንም ልነግርሽ አልችልም።

ፎቶ የማይነግረን ደግሞ አለ፦ ሙቀት፣ ሕመም፣ ሽታ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢና በእጅሽ ጀርባ መጀመሪያ የሆዷን ጤነኛ ጎን፣ ቀጥሎ ከስፌቱ ጎን ያለውን ቆዳ ንኪ። የሚሞቅ ከሆነ፣ በተለይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ያንን ጻፊልኝ። ቀንሶ የነበረ ሕመም ተመልሶ ከመጣ ፎቶው ምንም ቢመስል ትታይ። ስኳር ያለባት ወይም በዕድሜ የገፋች ከሆነች ደግሞ ትኩሳቱም ቅላቱም ደብዝዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ትንሹንም ምልክት እንደ ትልቅ ቁጠሪው።

የሚከተሉትን ካየሽ ግን መስመርም ሁለተኛ ፎቶም አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ውሰጃት፦ ትኩሳቷ 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ብርድ ብርድ ካላት፤ ከቁስሉ ተነስቶ የሚሄድ ቀይ ሰረዝ ካየሽ፤ ቆዳው ከጠቆረ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ወይም ሕመሙ ከሚታየው ቁስል ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ከሆነ። የሆድ ቁስል ስለሆነ አንድ ልጨምር፦ ደርቆ የነበረው ስፌት ድንገት ሮዝ ውሃ አፍስሶ ልብሷን ካራሰ፣ ላይኛው ቆዳ ተገጣጥሞ ቢታይም የውስጡ ስፌት ተፈትቶ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ጎዝ በሳላይን አርጥበሽ ሸፍኚው፣ አስተኚያት፣ እንዳትቆም፣ እንዳታስል፣ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሻት።

አሁን ግን እስክሪብቶ አንስተሽ የቀላውን ዳርቻ አስምሪ፣ ሰዓቱን ጻፊ፣ በመስኮት ብርሃን አንድ ፎቶ አንሺ፣ ትኩሳቷንም ለኪ። ማታ ያንኑ ድገሚና ሁለቱን ፎቶዎች አያይዘሽ እዚሁ ላኪልኝ። መስመሩን ካለፈ መልሴን ሳትጠብቂ ወደ ሠራላት ሐኪም ውሰጃት።