አንዷ መድኃኒቷን ስትቀጥል ሌላዋ ለምን ታቁም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ነች። በጾም ቀን ግሊቤንክላማይድ ውጣ ላብ አጠመቃትና ራሷን ሳተች። ሐኪሟ መጠኑን ቀንሶ "ቀጥይ" አላት። እህቴ ደግሞ ለኩላሊት ኢንፌክሽን ባክትሪም ጀምራ በ10ኛው ቀን አፏ ቆሰለ፣ ቆዳዋ ተላጠ። እሷን "ዳግም እንዳትነኪው" አሏት። ሁለቱም የመድኃኒት ጉዳት ሆኖ ሳለ መልሱ ለምን ተለያየ? እንዲህ የሚያደርግ መድኃኒትስ ቀድሞ ለምን አይታወቅም?

መልስ፦ እናትዎን የጎዳቸው መድኃኒቱ የራሱን ሥራ ከልክ በላይ መሥራቱ ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል። ሰውየው ይብላ አይብላ አያይም። ስለዚህ ሆድ ባዶ ሲሆን ስኳሩ ይወርዳል፤ ላቡ፣ መንቀጥቀጡና ራስን መሳቱ ይመጣል። ይህን ዓይነት ጉዳት ዓይነት ኤ እንለዋለን። አብዛኛው የመድኃኒት ጉዳት ከዚህ ወገን ነው። አስቀድሞ ይገመታል፣ ከመጠኑ ጋርም ይያያዛል። ለዚህም ነው መጠኑ ሲቀነስ ነገሩ የሚስተካከለው። እናትዎ ግን ከሚቀጥለው ጾም በፊት ሐኪማቸውን ማነጋገር አለባቸው።

የእህትዎ ሌላ ነው። ባክትሪም ተህዋስ ይገድላል እንጂ ቆዳ መላጥ ሥራው አይደለም። እዚህ ላይ የተነሳው የራሷ የሰውነት መከላከያ ነው፤ መድኃኒቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ በቆዳዋና በአፏ ላይ ዘመተ። እንደነገሩኝ ከሆነ ስቲቨንስ ጆንሰን የሚባለውን ሕመም ይመስላል። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከጥቂት ቀናት እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። ቆዳው ከመላጡ በፊት ትኩሳት፣ የዓይን መቅላት፣ የአፍ ቁስልና ሲነኩት የሚያም ሽፍታ ይመጣል። ይህን ዓይነት ቢ እንለዋለን። ሚሊዮኖች በሰላም የሚውጡት ኪኒን ማንን እንደሚመርጥ በአብዛኛው አይታወቅም። መጠን መቀነስም አያድናትም። በድጋሚ ብትወስደው ሊገድላት ይችላል። ያው ባክትሪም የሆነው ኮትሪሞክሳዞል፣ የሰልፋ ዘመዶቹ ሰልፋዲያዚንና ፋንሲዳርም ለእሷ የተከለከሉ ናቸው። ይህን በወረቀት ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትያዘው። ዓይኗንም የዓይን ሐኪም ይይላት፤ ጠባሳው ዘግይቶ ዕይታን ሊጎዳ ይችላል።

"ቀድሞ ለምን አይታወቅም?" ላሉት፣ የባክትሪም ጉዳት ራሱ ከታወቀ ቆይቷል። የማይታወቀው በማን ላይ እንደሚወጣ ነው። አዲስ መድኃኒት ላይ ግን ጉዳቱ ራሱም ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ ምክንያቱ የቁጥር ነገር ነው። አንድ ጉዳት ከ10,000 ሰው አንዱን የሚያገኝ ቢሆን፣ ቢያንስ አንዴ እንደምናየው 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን 30,000 ሰው ያስፈልጋል። አብዛኛው መድኃኒት ገበያ የሚገባው ግን በጥቂት ሺህ ሰዎች ተሞክሮ ነው።

በአሜሪካ የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የሕፃናትን ተቅማጥ የሚከላከል ሮታሺልድ የሚባል ክትባት ተፈቀደ። በሙከራው ከወሰዱት 10,000 ገደማ ሕፃናት በ5ቱ ላይ አንዱ የአንጀት ክፍል ወደ ሌላው ገብቶ ተዘጋ። ካልወሰዱት ወደ 4,600 ሕፃናት ደግሞ በአንዱ ታየ። ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል። ክትባቱ በሰፊው ሲሰጥ ግን ሐኪሞችና ወላጆች ያዩትን መላክ ጀመሩ። እስከ ሐምሌ 1999 ድረስ 15 ሪፖርት ብቻ ነበር የደረሰው። አብዛኞቹ ሕፃናት የታመሙት ግን በተከተቡ በሳምንት ውስጥ ነው፤ ይህ ነበር ያስደነገጠው። በዚያው ወር ክትባቱ እንዲቆም ተመከረ፣ በጥቅምት ከገበያ ወጣ። በኋላ ሲጠና ጉዳቱ ከ10,000 ሕፃን አንዱን ገደማ የሚያገኝ ሆኖ ተገኘ። ከእሱ በኋላ የመጡት የሮታ ክትባቶች እያንዳንዳቸው ከ60,000 በላይ ሕፃናት ላይ የተሞከሩት ለዚህ ነው።

በእኛም አገር መንገዱ አለ። ጤና ተቋማት ውስጥ ቢጫ ቅጽ ይገኛል። ተሞልቶ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሄዳል። ከዚያ ስዊድን ኡፕሳላ ወደሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት የመረጃ ቋት ይገባል። እዚያ ከሌሎች አገሮች ሪፖርት ጋር ይነጻጸራል። አንድ መድኃኒት ካሉት ሪፖርቶች ውስጥ የቆዳ መላጥ ድርሻው ከሌሎች መድኃኒቶች በጣም ከበዛ ጥናት ይጀመራል። ሪፖርቱ ብቻውን ጉዳቱ ከስንት ሰው አንዱን እንደሚያገኝ አይነግረንም። ስንት ሰው መድኃኒቱን እንደወሰደ፣ ስንቱ ተጎድቶ ዝም እንዳለ አናውቅምና። ማስጠንቀቂያውን ግን ይሰጠናል።

የእህትዎ ጉዳት የታወቀ ዓይነት ስለሆነ ብለው አይተዉት። ከባድ ጉዳት ሁልጊዜ ይመዘገባል። ከአንድ ከተማ የአንድ ምርት ቁጥር ተደጋግሞ ከመጣ ደግሞ ችግሩ የዚያ ምርት ጥራት ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫም አይጠበቅብዎትም፤ ጥርጣሬ ይበቃል። የሚያስፈልገው የታማሚዋ ዕድሜና ጾታ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የደረሰው ጉዳትና የሪፖርት አድራጊው አድራሻ ነው። መድኃኒቱ የተጀመረበትና ሽፍታው የወጣበት ቀን ካለ፣ አብራ የምትወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶችም ከታወቁ ይጻፉ። ሐኪሟን "ቢጫውን ቅጽ ሞልተዋል?" ብለው ይጠይቁ። ካልሞሉ በባለሥልጣኑ ነፃ ስልክ 8482 ይደውሉ። የኪኒኑ ማሸጊያ ካለ አይጣሉት፤ የምርት ቁጥሩ ያለው እሱ ላይ ነው።