ቪፒኤን በቲሲፒ ላይ ሲሄድ

«ኦፕንቪፒኤንን በቲሲፒ ነው የምጠቀመው። መስመሩ ትንሽ ሲደክም ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል፤ ኤስኤስኤችም ይቋረጣል። ለምን?»

ሁለት ቲሲፒዎች ተደራርበው ስለሚሠሩ ነው፤ ኤስኤስኤች ራሱ ቲሲፒ ነው፣ ተሸካሚው ዋሻም እንዲሁ። አንድ ፓኬት መንገድ ላይ ሲጠፋ የውጭኛው ቲሲፒ መልሶ እስኪልከው ድረስ ከኋላው የደረሰው ሁሉ ታግዶ ይቆያል። የውስጠኛው መጥፋቱን አያውቅም፤ የሚያየው የማረጋገጫውን መዘግየት ብቻ ነው። ስለዚህ የመጠበቂያ ጊዜው (ሊኑክስ ላይ በተለምዶ ቢያንስ 200 ሚሊሰከንድ) ሲያልፍ ያንኑ ፓኬት ደግሞ ይልካል። የውጭኛው ቅጂውንም የማድረስ ግዴታ አለበት፤ በደከመው መስመር ላይ ወረፋው ይረዝማል፣ መዘግየቱም ይብሳል። ይህ ሲራዘም ኤስኤስኤች ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል።

ለማረጋገጥ የሰርቨሩን የውጭ አድራሻና የዋሻ ውስጥ አድራሻውን ጎን ለጎን `ping` ያድርጉ። በውጭ ጥቂት ፓኬት እየጠፋ፣ በውስጥ ግን ምንም ሳይጠፋ ጊዜው ወደ ሺዎች ሚሊሰከንድ ከዘለለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በሰርቨሩም በእርስዎም በኩል ይህን ይቀይሩ፤ ፋየርዎሉም የዩዲፒውን ወደብ ይክፈት፦

```
proto udp
port 1194
```

በዩዲፒ ዋሻው የጠፋውን አይተካም፤ የውስጠኛው ቲሲፒ ጉድለቱን ራሱ አይቶ አንድ ጊዜ ይተካዋል። ቲሲፒን የምመክረው ኔትወርኩ ዩዲፒን ጨርሶ ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ወደብ 443 ይሞክሩ።