ደጋግሞ ለሚያረፍድ ልጅ ወላጆች ደብዳቤ ሲጻፍ

«የ5ኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህርት ነኝ። አንዲት ተማሪዬ ደጋግማ ታረፍዳለች። ‹ወላጅ አምጪ› ብላት አላመጣችም። አሁን ለቤተሰቦቿ ደብዳቤ ልጽፍ ነው። ጠንከር ያለ ግን የማያስቀይም እንዲሆን ምን ብዬ ልጻፍ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የስም መጥሪያውን ክፈቺ። ካረፈደችበት ቀን ጎን ዕለቱንም ጻፊ። ሰኞ ነው? ሐሙስ ነው? በየቀኑ የምታረፍድ ከሆነ ነገሩ የእንቅልፍ ወይም የታክሲ ሰልፍ ሊሆን ይችላል። የተወሰኑ ቀኖች ብቻ ከሆኑ ግን በእነዚያ ቀኖች ቤት ውስጥ የሚሆን ነገር አለ ማለት ነው።

ከዚያ ዘበኛውን ጠይቂ። ብዙ ትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በር ይዘጋል፣ ያረፈደ ሁሉ ውጭ ይቆማል። አምስት ደቂቃ ያረፈደች ልጅ ክፍል የምትገባው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። አንቺ የምታውቂው ክፍል የገባችበትን ሰዓት ነው። ወላጅ ደግሞ ከቤት የወጣችበትን ያውቃል። ይህን ሳታጣሪ ከጻፍሽ «ልጄ እኮ በሰዓቱ ነው የወጣችው» ይሉሻል፣ ክርክር ይሆናል።

እኔ አዲስ አበባ ሳስተምር ለአንዲት ልጅ ቤተሰቦች የጻፍኩት ከሞላ ጎደል እንዲህ ነበር፦

«ለተማሪ … ወላጆች፣
ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ኅዳር 3፣ 6፣ 10 እና 13 አርፍዳ መጥታለች። ትምህርት የሚጀምረው 2፡20 ሲሆን እሷ በር ላይ የደረሰችው ከ2፡40 በኋላ ነው። ቀኖቹ ማክሰኞና ዓርብ ናቸው። ማክሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ አለ፤ ክፍልፋይ መደመርን የጀመርነው እሷ በሌለችበት ነው። በክፍል ውስጥ ትጉ ናት፣ ጥያቄም ትጠይቃለች።
በእነዚህ ቀኖች ጠዋት ምን እንደሚያዘገያት ቢነግሩኝ አብረን መፍትሔ እንፈልጋለን። ሐሙስ ከ10፡00 በኋላ ወይም ዓርብ ጠዋት 1፡45 ሊያገኙኝ ይችላሉ። ካልተመቸዎት ይደውሉልኝ። ያለፋትን የሒሳብ ትምህርት በምሳ ሰዓት አስተምራታለሁ።
ከሰኞ ኅዳር 23 ጀምሮ በ2፡20 ክፍል እንድትገኝ እጠብቃለሁ። ማርፈዱ ከቀጠለ በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት ጉዳዩን ለዩኒት ሊደር አሳውቃለሁ።»

እናቷ ሐሙስ መጡ። ቀኖቹን ሲያዩ «ውይ፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው» አሉ። ሰፈራቸው ውሃ በፈረቃ ነው። ጎህ ሲቀድ ይለቀቃል። እሳቸው በዚያ ሰዓት ለጉልታቸው አትክልት ሊያመጡ ይወጣሉ፣ ጀሪካኑን የምትሞላው ልጅቷ ናት። ደብዳቤው ላይ «ስንፍና» ወይም «ቸልተኝነት» የሚል ቃል ቢኖር ኖሮ ይህን የሚነግሩኝ አይመስለኝም። ታላቅ ወንድሟ እንዲሞላ ተስማሙ። ልጅቷ ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ አርፍዳለች፣ ግን የሒሳቡ ክፍለ ጊዜ አላመለጣትም።

ጥንካሬው ያለው ቀኑ፣ ሰዓቱና ቀጥሎ የሚሆነው ነገር ላይ ነው። «ሁልጊዜ ታረፍዳለች» አትበይ። አንድ ቀን በሰዓቱ መጥታ ከሆነ ወላጅ የሚይዘው ያችን ቀን ነው። «እናባርራታለን» የሚለውንም ተዪው። የማታደርጊውን ነገር ከጻፍሽ ሁለተኛው ደብዳቤሽ አይነበብም። ድጋፉም በተግባር የምትሰጪው ይሁን። እኔ የምሳ ሰዓት ብዬ ስለጻፍኩ መቀመጥ ነበረብኝ፣ ተቀመጥኩም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ማህተምና ግልባጭ አያስፈልገውም። ማህተም ያየ ወላጅ ልጁ የተባረረች ይመስለዋል። ወይ ደንግጦ ይመጣል፣ ወይ ልጅቷን ይገርፋል። ስምሽና ፊርማሽ ይበቃል።

በፖስታ አሽገሽ ስጫት፣ ጓደኞቿ እያዩ ግን አይሁን። ያን ቀን ማታ ለወላጅ ደውለሽ «ደብዳቤ ልኬያለሁ፣ ደረሰዎት?» በይ። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ቃል በቃል በስልክ አንብቢላቸው። አለዚያ የምታነብላቸው ራሷ ልጅቷ ናት፣ የማይመቻትን መስመር ብትዘልስ? አንቺ ጋ እስካሁን ወላጅ ያልመጣው መልእክቱ ቤት ስላልደረሰ ሊሆን ይችላል።

በሰጠሻቸው ቀን ካልመጡ ደግመሽ ደውዪ። ያኔም መልስ ከሌለ ሁለተኛውን ደብዳቤ ከዩኒት ሊደሩ ጋር ጻፊ። የመጀመሪያውን ቅጂ ከጀርባው አያይዢ፣ አዲሶቹን ቀኖችም ጨምሪበት። ማህተሙ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።