እናትን ለሊት ስለማስታመም

«እናቴን ስትሮክ መቷት አልጋ ላይ ናት። ሌሊት የማገላብጣት እኔ ነኝ። እህቴ ልተካሽ ትለኛለች፣ ግን ትቻት መተኛት ኃጢአት ይመስለኛል።»

ዛሬ ማታ ለእህትሽ አስረክቢና ሌላ ክፍል ተኚ። እናትሽ ክፍል ፍራሽ አንጥፈሽ ከተኛሽ፣ በሳለች ቁጥር ትነሻለሽ። ጎረቤት ምን ይለኛል ካልሽ፣ ጎረቤት ሌሊት መጥቶ አያገላብጣትም።

መጨረሻ በየትኛው ጎን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንዳዞርሻት ወረቀት ላይ ጻፊላት። እህትሽ በየ2 ሰዓቱ ስታዞራት ተረከዟን፣ ዳሌዋንና ከወገቧ በታች በእጇ ትዳስስ። ከሌላው ቆዳ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ ቁስል እየጀመረ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ በኩል አታስተኛት፣ ጠዋት ለሐኪም ንገሩ።

አባቴን ስናስታምም ያየሁት ነገር፦ እንቅልፍ ያጣ ሰው መድኃኒት መስጠቱን ረስቶ ይደግማል። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ ደግሞ መድገሙ ደም ሊያፈሳት ይችላል። እንደሰጣችሁ ወዲያው ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉ።