የሥራ ማስታወቂያን ለሁለት ከፍሎ ማንበብ

«ሰላም ለሁላችሁ። ቆላ ድባ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ በጤና መረጃ ባለሙያነት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ጎንደር ላይ አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የክትትልና ግምገማ ኦፊሰር ይፈልጋል። የሥራ ዝርዝሩና ተፈላጊ ችሎታው ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። እስካሁን አንዱን ሲቪ ለብዙ ቦታ ልኬ አልተጠራሁም። ማስታወቂያውን እንዴት ላንብበው? ከተጠራሁስ ምን ይጠይቁኛል?»

ወንድሜ፣ እዚሁ ጎንደር በፕሮጀክት ቢሮዎች የሰው ኃይል ክፍል ስሠራ ማመልከቻ ከሚለዩትም፣ ቃለ መጠይቅ ከሚያደርጉትም ጋር ተቀምጫለሁ። ከዚያ ወገን ሲታይ ሁለቱ ገጾች የተለያየ አገልግሎት አላቸው። «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለው ክፍል በዋናነት አመልካቾችን ለማጣራት ነው። «ዋና ዋና ተግባራት» የሚለው ደግሞ የፈተናውና የቃለ መጠይቁ ምንጭ ነው። ሲቪህን በመጀመሪያው ማሰናዳት፣ ለጥያቄው በሁለተኛው መዘጋጀት አለብህ።

ከማጣሪያው እንጀምር። የሚያጣራው ሰው ፊት ሰንጠረዥ አለ፤ በአንድ በኩል የአመልካቾች ስም፣ በሌላው በኩል ከማስታወቂያው የተቀዱ መስፈርቶች። ሲቪህን ይዞ የሚፈልገው እነዚያን መስፈርቶች ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚተርፈው ጊዜም ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «የግድ» ወይም «ቢያንስ» የተባሉትን «ተመራጭ» ወይም «ተጨማሪ ብልጫ» ከተባሉት ለያቸው። ከፊተኞቹ አንዱ ካልታየ አመልካቹ ይወድቃል። ኋለኞቹ የሚቆጠሩት ብዙ ሰው ካለፈ ነው። የኮቦ ቱልቦክስ ልምድ «ተመራጭ» ከተባለና ከሌለህ በዚያ ምክንያት ማመልከትህን አትተው።

አንተ የወደቅህበት ቦታ የሥራ መጠሪያህ ይመስለኛል። ማስታወቂያው «በክትትልና ግምገማ ቢያንስ ሦስት ዓመት» ሲል የአንተ ሲቪ «የጤና መረጃ ባለሙያ» ይላል። አጣሪው የጤና ሰው ካልሆነ ሁለቱ ሥራዎች እንደሚዛመዱ የማወቅ ግዴታ የለበትም። ከመጠሪያህ ሥር ባለው የመጀመሪያ መስመር የሠራኸው የክትትል ሥራ መሆኑን በማስታወቂያው ቃል ጻፍለት። መጠሪያውን ራሱን ግን አትለውጥ፤ ከሥራ ልምድ ደብዳቤህ ጋር ሲነጻጸር አለመገጣጠሙ ይታወቃል። ቀኑም ከነወሩ ይሁን። ዓመት ብቻ ሲጻፍ አራት ዓመቱ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወርም ሊሆን ይችላል። ደብዳቤህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሲቪህ በአውሮፓውያን ከሆነ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ አመልክት።

እግረ መንገዴን፣ በየኮምፒውተር ቤቱ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን «ትጉህ፣ ታማኝና በጫና ውስጥ መሥራት የምችል» የሚል መግቢያ ሰርዘው። በአንድ ቀን ደጋግሜ ስላነበብኩት ይሆናል የምጠላው፤ ነገር ግን በሰንጠረዡ ላይ አንድም ምልክት አያስገኝም።

አሁን ወደ ዋና ተግባራት እንለፍ። እዚህ የምትፈልገው ድግግሞሽን ነው። አንድ ጉዳይ ቃሉን እየለወጠ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነሣ የሥራው ጭንቀት እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ በአንዱ መስመር «ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ጋር የመረጃ ጥራት ምዘና ያካሂዳል»፣ በሌላው «የሪፖርት ልዩነቶችን ያጣራል»፣ በሦስተኛው «የመረጃ ሰብሳቢዎችን አሠራር ይቆጣጠራል» ቢል፣ ሦስቱም «ቁጥሩ ይታመናል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ናቸው። ምናልባት ፕሮጀክቱ በዚህ ተቸግሮ ይሆናል። ሲቪህ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ይህ ይሁን።

እንግዲህ «መረጃ መመዝገብና ሪፖርት ማዘጋጀት» ብለህ የጻፍከውን ተመልከት። እውነት ነው፤ ግን ማንም የጤና መረጃ ባለሙያ የሚጽፈው ነው። ይልቅ እንዲህ በለው፦ «ወርሃዊ ሪፖርት ወደ ዲኤችአይኤስ 2 ከመግባቱ በፊት ከየክፍሉ መዝገብ ጋር አመሳክራለሁ፤ ልዩነት ሲገኝ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ምክንያቱን ለይቼ አስተካክላለሁ።» በእርግጥ የምታደርገው ከሆነ ብቻ ጻፈው። ቃሉን ከማስታወቂያው መዋስ ጥሩ ነው፤ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር መገልበጥ ግን አይሆንም፤ ከሥሩ የራስህ ሥራ ከሌለ «ምሳሌ ስጠን» ሲሉህ ዝም ትላለህ።

ጥያቄዎቹን መገመት ከዚህ በኋላ አይከብድም። ከእያንዳንዱ ዋና ተግባር ፊት «ይህን ያደረግህበትን ጊዜ ንገረን» ወይም «እንዲህ ቢያጋጥምህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለውን ጨምርበት። ጠያቂዎች ጥያቄውን ቀድመው ጽፈው ለሁሉም ተወዳዳሪ አንዱኑ ስለሚጠይቁ፣ ምንጫቸው ያው የሥራ ዝርዝር ነው።

«ልዩነቶችን ያጣራል» የሚለውን እንውሰድ። ጥያቄው እንዲህ ሊመጣ ይችላል፦ «አንድ ጤና ጣቢያ በወር 48 ወሊድ ሪፖርት አድርጓል፤ መዝገቡ ላይ 41 አገኘህ። ምን ታደርጋለህ?» ብዙ ሰው «ለአለቃዬ አሳውቃለሁ» ብሎ ያበቃል። የሥራው ሰው መሆንህ የሚታወቀው በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የቆጠርኩት ትክክለኛውን ጊዜ ነው ወይ ትላለህ፤ የጤና ሪፖርት ወር ካለፈው ወር 21 እስከ ተያዘው ወር 20 ስለሚሄድ፣ ከወሩ 1 እስከ 30 የቆጠረ ሰው ልዩነት ቢያገኝ አይገርምም። ቀጥሎ መዝገቡ አልቆ ሁለተኛ ደብተር መጀመሩን ታያለህ። ከዚያ ቁጥሩ የተወሰደበትን የቆጠራ ቅጽ ታመሳክራለህ፤ ወደ ሆስፒታል የተላኩ እናቶች እንደ ወሊድ ተቆጥረው ሊሆን ይችላል። ይህን ከአዋላጅዋና ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ሆነህ ታያለህ እንጂ ቁጥሩን ብቻህን አትለውጥም። እርማቱ በወረዳው በኩል ይሄዳል፤ ያገኘኸው ምክንያትም በጽሑፍ ይቀመጣል። አንተ ይህን በየወሩ ታደርገዋለህ፤ የሚቀርህ በእውነት ያጋጠመህን አንዱን መርጠህ፣ ሁኔታውን ባጭሩ፣ ያደረግከውን በስፋት፣ ውጤቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር መለማመድ ነው። «እኛ» ማለት አታብዛ፤ ነጥቡ የሚሰጠው ለአንተ ድርሻ ነው።

«ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ያከናውናል» የሚለውን እለፈው። «60 በመቶ የመስክ ሥራ» የመሰለ ቁጥር ካለ ግን በክረምት መንገድ ሲበላሽ እንዴት እንደምትሠራ ልትጠየቅ ትችላለህ።

ከታች ተጥሎ ማንም የማያነበው የተጠቃሚዎች ጥበቃ አንቀጽም አለ። ለወጉ የተጻፈ ይመስላል እንጂ በብዙ ድርጅት አንድ ጥያቄ ይወጣበታል፦ «ባልደረባህ እርዳታ ለመስጠት ከተጠቃሚ አንድ ነገር ጠየቀ ሲባል ሰማህ፤ ምን ታደርጋለህ?» ራሴ መርምሬ እደርስበታለሁ ማለት የተሳሳተ መልስ ነው። ድርጅቱ ባስቀመጠው የሪፖርት መንገድ ወዲያው ታሳውቃለህ፤ ምስጢሩንም ትጠብቃለህ።

ከቃለ መጠይቁ በፊት የጽሑፍ ወይም የኮምፒውተር ፈተና ሊኖር ይችላል። «ኤክሴል» በተፈላጊ ችሎታው ውስጥ ከተጠቀሰ የወረዳ ሪፖርት የሚመስል ሰንጠረዥ ሰጥተውህ በፒቮት አጠቃልለው ሊሉህ ስለሚችሉ እጅህን አፍታታ። ማስታወቂያውን ዛሬውኑ ቅጂ አስቀር፤ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ይነሣል፣ ጥሪው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱን ገጽ እዚህ ከለጠፍክልን ደግሞ የትኞቹ መስመሮች ጥያቄ እንደሚወልዱ አብረን እናያለን።