የወር ክፍያው ያነሰው መኪና

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ኡበር የምሠራበት አዲስ መኪና ልወስድ ነው። ሊዙ ለ36 ወር፣ በወር 429 ዶላር፣ ሲፈረም ደግሞ 3,000 ዶላር ነው። በዓመት 12,000 ማይል ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ማይል 25 ሳንቲም ያስከፍላል። ግዢው ታክሱን ጨምሮ 35,000 ዶላር ነው፤ 3,000 ከፍዬ ቀሪው በ7 በመቶ ወለድ ለ60 ወር፣ በወር 634 ይሆናል። በዓመት ወደ 30,000 ማይል እነዳለሁ። ጓደኞቼ ሊዙ ይቀልሃል ይሉኛል። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሂሳቡ በፊት የሊዙን ውል ያገላብጡና ስለ መኪናው አጠቃቀም የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ። «ፎር ሃየር» ወይም «ላይቨሪ» የሚሉ ቃላት ካገኙ፣ ብዙውን ጊዜ በመኪናው ተሳፋሪ በክፍያ ማመላለስን የሚከለክሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ክልከላ በብዙ የሊዝ ውሎች ውስጥ አለ። መኪናው የእርስዎ ስላልሆነ፣ አከራዩ ኩባንያ ክልከላውን ጥሰዋል ብሎ ውሉን አቋርጦ መኪናውን ሊወስድና የማቋረጫ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል።

እንግዲህ እዚህ ላይ መንታ መንገድ አለ። ለግል መገልገያዬ ነው ብለው ቢፈርሙ ያልሆነውን ተናገሩ። ለሥራ ነው ብለው እውነቱን ቢናገሩ ደግሞ ለሊዝ ተከራዮች ዋናውን ጥበቃ የሚሰጠው የ1976ቱ የፌዴራል ሕግ አይመለከትዎትም፤ ሕጉ የሚጠብቀው መኪናውን በዋናነት ለግል ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ የሚከራየውን ሰው ነው። ዋጋው፣ የማቋረጫ ክፍያውና መኪናው በውሉ መጨረሻ ይኖረዋል ተብሎ የተተመነው ዋጋ በግልጽ ተጽፈው እንዲሰጡት የሚያስገድደውም ይኸው ሕግ ነው። የቢሮዬን በር ካንኳኩት የሊዝ ጉዳዮች ብዙዎቹ የተጀመሩት «ዝም ብለህ ፈርም» በሚል ምክር ነው።

ውሉ ይፈቅዳል እንበልና ወደ ሂሳቡ እንሂድ። 429ን ከ634 ጋር ማወዳደር ያሳስታል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊዙ ሲያልቅ እጅዎ ባዶ ነው፣ የገዙት መኪና ግን በር ላይ ቆሟል። ስለዚህ ሁለቱንም በስድስት ዓመት እንለካቸው።

የሊዙ 36 ክፍያዎች 15,444 ዶላር ናቸው፤ 3,000ውን ስንጨምር 18,444። በስድስት ዓመት ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ ውል ቢወስዱ 36,888 ዶላር ይሆናል። ግዢው 60 ክፍያዎቹንና ቅድመ ክፍያውን ደምረን ወደ 41,000 ነው። እስካሁን ጓደኞችዎ ትክክል ይመስላሉ።

ሂሳቡን የሚገለብጠው ማይሉ ነው። በዓመት 18,000 ማይል ከተፈቀደልዎ በላይ ይነዳሉ፤ በሦስት ዓመት 54,000 ማይል፣ በ25 ሳንቲም 13,500 ዶላር። ይህ ገንዘብ በየወሩ አይታይም፤ መኪናውን በሚመልሱ ጊዜ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ለሁለት ሊዝ 27,000 ነው፣ ጠቅላላው ወደ 64,000 ይጠጋል። የገዙት መኪና ደግሞ በስድስት ዓመት 180,000 ማይል ይሄዳል። ለጥገና 8,000 ወጣ፣ ሲሸጥ 5,000 አመጣ ብንል እንኳ (ይህ የእኔ ግምት ነው፣ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል) ወጪዎ 44,000 አካባቢ ነው። ልዩነቱ 20,000 ዶላር ያህል ስለሆነ ግምቴ በጥቂት ሺህ ቢሳሳትም መልሱ አይለወጥም።

«ማይሉን እንዳልከፍል በመጨረሻ እገዛዋለሁ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ መኪናውን ከገዙት ትርፍ ማይል ብዙውን ጊዜ አይጠየቅም። ዳሩ ግን ውሉ ላይ የተጻፈው የመግዣ ዋጋ የተተመነው መኪናው 36,000 ማይል እንደሄደ ታስቦ ነው። የእርስዎ 90,000 ስለሚሆን ከገበያው በላይ ከፍለው ይገዙታል።

በዓመት 10,000 ማይል ለሚነዳና በየሦስት ዓመቱ አዲስ መኪና ለሚፈልግ ሰው ሊዝ መጥፎ አይደለም። ለእርስዎ ግን ግዢውን እመክራለሁ። ሲገዙ ኢንሹራንስዎ የኡበር ሥራን የሚሸፍን ተጨማሪ አንቀጽ እንዳለው ያረጋግጡ፤ ተራ የግል ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም። 7 በመቶውንም በዲለሩ ቃል ብቻ አይቀበሉ። ዲለር ባንኩ በሰጠው ወለድ ላይ የራሱን ሊጨምር ስለሚችል፣ መጀመሪያ ክሬዲት ዩኒየን ሄደው በጽሑፍ ቅድመ ፈቃድ ያውጡ። በ6 በመቶ ካገኙ ወርሃዊው 619 ይሆናል፣ በአምስት ዓመት ወደ 900 ዶላር ይተርፍልዎታል።