ክሬቲን ያለ ስፖርት

«ባሕር ዳር ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምውለው፤ ስፖርት አልሠራም። ክሬቲን ብወስድ ይጠቅመኛል?»

ክሬቲን፣ ማለትም ጡንቻ ለጉልበት የሚጠቀምበትና በዱቄት መልክ የሚሸጠው ንጥረ ነገር፣ ወደ ጡንቻ ለመግባት ስፖርትን አይጠብቅም፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ለአንድ ወር ያህል የወሰደ ሰው ተቀምጦ ቢውልም የጡንቻው ክምችት ይሞላል። ይሁን እንጂ ክምችቱ የሚያገለግለው ጡንቻ ለጥቂት ሰከንዶች በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ያወጣውን ጉልበት በፍጥነት ለመተካት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ጥረት የማያደርግ ሰው የሚያውልበት ሥራ የለውም። አንድ ኪሎ ገደማ ቢጨምሩም አብዛኛው ውሃ ነው።

ከስፖርት ውጭ ልዩነት የሚያመጣው አመጋገብ ነው። ከምግብ ክሬቲን የሚገኘው በዋናነት ከሥጋና ከዓሣ በመሆኑ፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን በሽሮና በአትክልት ብቻ የሚያሳልፍ ሰው (የጣናን ዓሣ በጾም የመብላቱ ክርክር ይቆየን) ክምችቱ ዝቅ ስለሚል፣ ዱቄቱን ሲወስድ ከሌላው የበለጠ ይጨምርለታል። ይህም ቢሆን ጡንቻ አያሳድግለትም። ለማስታወስ ችሎታ ይረዳል የሚሉ ጥናቶች ቢኖሩም ውጤታቸው ስለሚለያይ፣ እኔ ለዚያ ብዬ ገንዘብ አላወጣም።

ከወሰዱ ግን ለኩላሊት ምርመራ ደም ሲሰጡ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ክሬቲን በሰውነት ውስጥ በኩላሊት ምርመራ ወደሚለካው ክሬቲኒን ስለሚለወጥ፣ ኩላሊት ሳይታመም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል።